የአራቱ ክፍል ገንዘብ የት ደረሰ? ሂሳቡ ይኸውና፣ ጥፋታችንም አብሮ አለ

ገንዘብ_ያዥ | ሰኔ 14 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን መልእክት ከስድስት ወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ። "ጣሪያው ይውጣና ፎቶ ጨምሬ እጽፋለሁ" እያልኩ አዘገየሁት። ጣሪያው ወጥቷል። ግን ገንዘቡ ሊያልቅ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን አላለቀም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልንገራችሁ።

ለአዲሶቹ ላስታውስ። በበቾ ሜዳ፣ ከቱሉ ቦሎ ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ፣ ልጆች ዳስ ውስጥ ይማራሉ። አራት ክፍል ያለው አንድ ብሎክ እንሥራ ብለን ነው የተነሳነው። እያንዳንዱ ክፍል 7 በ9 ሜትር፣ 50 ልጅ የሚይዝ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ባዘጋጀነው እራት ላይ መድረክ ላይ ቆሜ "ለመስከረም 2017 ይከፈታል" ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺ አንዲት ቃል ናት ብዙ ገንዘብ የበላችው። እመጣበታለሁ።

የሰበሰብነው 64,300 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ለአዳራሽና ለምግብ 2,150፣ ለካርድና ለኦንላይን ክፍያ ኮሚሽን 1,240 ወጣ። አገር ቤት የላክነው 55,000 ዶላር ነው፣ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ በግንቦት 2016 ላይ 20,000 ዶላር በ57 ብር ሂሳብ። ከዚያ በጥቅምት 2017 ላይ 25,000 በ117። በመጨረሻ በየካቲት 10,000 በ125። በጠቅላላው 5,315,000 ብር ገባ። እዚህ ባንክ የቀረው 5,910 ዶላር ነው።

ከገባው ብር 4,662,600 ወጥቷል። ትልቁን የወሰደው የማይታየው ነው፣ ከመሬት በታች ያለው፦ 2,180,000 ብር። ኮለኑ፣ ብሎኬቱና የላይኛው ቢም 1,580,000። ጣሪያው 640,000። የቀረው 262,600 ለኢንጂነሩ፣ ለጥበቃና ለትራንስፖርት ነው፤ በዚህ ውስጥ የኮሚቴው ምሳና ሻይ 23,600 ብር አለበት። ጠያቂ ስለሚኖር አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ሥራውን የጀመርነው በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው። "ለመስከረም" ብለን ቃል ገብተን ስለነበር ቸኮልን። መሬቱን ሳንፈትሽ፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ፕላን ይዘን፣ 1 ሜትር ይቆፈር አልን። ሲሚንቶ ይወደዳል ተብሎ 120 ኩንታል ገዝተን አስቀመጥን። ለእጅ ባለሙያው 200,000 ብር ቅድሚያ ሰጠን። ቁፋሮው ሳምንት ሳይሞላው ዝናቡ መጣ። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፤ ጎኑ ተንዶ ገባ። ሥራው እስከ ጥቅምት ቆመ።

በጥቅምት አዲስ ኢንጂነር ቀጠርን። መጀመሪያ ያስቆፈረው መፈተሻ ጉድጓድ ነው። ጥቁሩ መሬት 1 ሜትር ከ90 ወረደ። እኛ 1 ሜትር ላይ ልናቆም ነበር! ከዚያ ቤቱ የሚያርፍበት ሜዳ በሙሉ 1 ሜትር ተቆርጦ ወጣ፤ የኮለኖቹ እግር እስከ ጠንካራው ድረስ ወረደ። በ37 ሲኖትራክ ሰሌክት የሚባለውን የተመረጠ የሙሌት አፈር አስገብተን በ20 ሳንቲ ሜትር እየተደለደለ በሮለር ተጠቀጠቀ። ይህ ብቻውን፣ ቁፋሮውን፣ ሙሌቱንና ሮለሩን ጨምሮ፣ 614,500 ብር ወሰደ። በመጀመሪያው በጀት ላይ ለዚህ የተያዘ ሳንቲም አልነበረም።

ሲሚንቶውስ? መጋዘኑ ወለሉ አፈር ነው። ማንም ከሥሩ ጣውላ አላነጠፈም። እኔ በኅዳር ስሄድ ታችኛውን ረድፍ በቡጢ መታሁት፤ እጄን ነው ያመመኝ። 38 ኩንታል ድንጋይ ሆኗል። 68,400 ብር ከነማጓጓዣው። አንዱን ከረጢት ጥበቃው ለደጁ መረማመጃ አድርጎታል፤ ስገባና ስወጣ እሱን ነው የምረግጠው።

ቀሪው ሥራ ወለልና ሊሾ፣ ልስንና ቀለም፣ በርና መስኮት፣ መጸዳጃ ቤት፣ 80 ዴስክ ነው። ግምቱ 2,350,000 ብር። በእጃችን ያለው ብርና ዶላሩ ተደምሮ 1,420,000 አካባቢ ነው። 930,000 ጎደለ፤ ወደ 7 ሺህ ዶላር።

ዛሬ የምጠይቃችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አይደለም። ባለው ምን እናድርግ ነው። አንደኛው ሐሳብ ሁለት ክፍል ከነዴስኩ ሙሉ ለሙሉ ጨርሰን መጸዳጃውን ሠርተን ለመስከረም 2018 መክፈት ነው፤ ሁለቱ ክፍል ይቆያል። ሁለተኛው አራቱንም ወለልና በር መስኮት አድርገን፣ መጸዳጃውን ሠርተን፣ ልስኑንና ዴስኩን መተው ነው። ሁለቱም ሐሳብ ባለን ገንዘብ ይሸፈናል። አስተያየታችሁን ጻፉ።

---

የቱሉቦሎ_ልጅ

ለግልጽነትህ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። በግንቦት 2016 ላይ 20 ሺህ ዶላር በ57 መንዝራችሁ ላካችሁ? ያን ጊዜ በጥቁር ገበያ እጥፍ ነበር እኮ! ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። 20 ሺህ ዶላር ሲባዛ በ60 ብር ልዩነት 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። የጎደለው 930 ሺህ አይደል? እዚያው አለልህ። አንድ ሰው በእጅ ቢያደርሰው ኖሮ ዛሬ ይህን ክር አናነብም ነበር።

---

ማክዳ_ሂሳብ

የቱሉቦሎ ልጅ፣ ግማሹ ልክ ነህ፤ ግማሹ ግን አይደለም።

በሰው እጅ ቢላክ ኖሮ ገንዘብ ያዡ ለእኔ የታክስ ደረሰኝ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። ማኅበሩ እዚህ የተመዘገበው በ501(c)(3) ነው። ገንዘቡ ከዚህ ባንክ ወጥቶ እዚያ የፕሮጀክቱ ሂሳብ መግባቱ በወረቀት መታየት አለበት። በሰው እጅ የሄደ ገንዘብ የት እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት የለውም። ለአክስትህ መላክና 200 ሰው ያዋጣውን መላክ አንድ አይደለም።

ስህተቱ ባንክ መጠቀሙ ሳይሆን ቀኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ በባንክም ከ100 አለፈ። ያን ቀን ማንም አያውቅም ነበር፣ ይሁን። ግን ሥራ በሌለበት ክረምት ብር ይዞ መቀመጥ ለምን አስፈለገ? ገንዘብ ያዥ፣ ከመጀመሪያው ዙር ክረምቱ ሲገባ ስንት ብር ሳይነካ ቀርቶ ነበር? ጉዳቱ የሚሰላው ከሱ ላይ ነው፤ ከ20 ሺው ሁሉ አይደለም።

---

ገንዘብ_ያዥ

ማክዳ፣ ልክ ነሽ፤ የፈራሁትም ጥያቄ ይሄው ነው። ከ1,140,000 ብሩ ለሲሚንቶ 216,000፣ ለቅድሚያ ክፍያ 200,000 ወጣ። 724,000 ብር ሥራ ፈትቶ ባንክ ተቀመጠ። ያ 12,700 ዶላር ነበር። እዚህ ቆይቶ በጥቅምት ቢሄድ 1,486,000 ይሆን ነበር። ስለዚህ ጉዳቱ 760 ሺህ ብር ገደማ ነው። 1.2 ሚሊዮን አይደለም፣ ግን ትንሽም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን፦ ዶላሩ የሚመነዘረው በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ለሚሠራ ሥራ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር የሄደው እንደዚያ ነው።

---

ብሩክ_ዳላስ

እንደገና አዋጡ ነው እንግዲህ? ባለፈው ሰጥቻለሁ። በየዓመቱ እንዲህ ከሆነ አልችልም።

---

ገንዘብ_ያዥ

ብሩክ፣ አይደለም፤ መጨረሻዋን አንቀጽ አንብባት። ባለው ገንዘብ የትኛው ይቅደም ነው ጥያቄው።

---

ብሩክ_ዳላስ

እሺ አሁን አየሁት፣ ይቅርታ። ሥራ ላይ ሆኜ ነው በስልክ ያነበብኩት። እንግዲያው ሁለቱን ክፍል ጨርሱ። በዚያው የአጎቴ ልጅ በመምህርነት ተመርቃ ቁጭ ብላለች፤ ቅጥሩን ማነው የሚያነጋግረው?

---

ድልድይ_ሠሪ

ሰላም። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ሙያዬ ግንባታ ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ነው። የበቾ ሰው ኮቲቻ ይለዋል፤ ሌላው ዋልካ ይለዋል። ያልታረቀ ባላጋራ ማለት ነው።

614 ሺው አስደንግጧችሁ ከሆነ አይደንግጣችሁ። ከወጣው ገንዘብ ሁሉ በሙሉ ልብ "ደግ አደረጋችሁ" የምለው እሱን ነው። ይህ መሬት ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ክንድ ሙሉ እጅ ይገባል። ሲያብጥ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሰው ከባድ ሕንፃ ነው የሚጎዳው ይመስለዋል። የለም። ፎቁ በክብደቱ ይጫነዋል፤ አንድ ደረጃ ያለው ቀላል ቤት ግን እንደ ድስት ክዳን ይነሳል። ትምህርት ቤት ደግሞ ረጅምና ቀላል ነው። አንዱ ጫፍ ሲነሳ ሌላው ይቀራል፤ ግድግዳው መሐል ላይ ይከፈታል።

እንዴት እናውቃለን ብትሉኝ፣ በሩን ጠይቁት። በነሐሴ አልዘጋ ያለ በር በጥር ሰተት ብሎ ከተዘጋ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ስንጥቁ ደግሞ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ ይሄዳል። ቀጥ ብላ የወረደች የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የልስን ነገር ናት። ሰያፉን ነው የምትፈሩት።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የውሃው ነገር የታለ? አሸንዳ አላየሁም። በግድግዳው ዙሪያ ያለውን የሲሚንቶ ንጣፍ አላየሁም። ቦይ አላየሁም። ጣሪያ ወጥቷል ብላችኋል፤ አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ማለት ያን ሁሉ ዝናብ ለቅሞ መሠረቱ ሥር የሚያፈስ ማለት ነው። ሳትሠሩት ይሻላል ልል ምንም አልቀረኝም። ሰሌክቱን አስገብታችኋል፣ ጎኑ ያለው ግን አሁንም ኮቲቻ ነው።

---

ገንዘብ_ያዥ

ጋሼ፣ አሳፈሩኝ። እውነት ነው፣ የለም። ኢንጂነሩ ፕላኑ ላይ አስገብቶት ነበር፤ "በኋላ እንሠራዋለን" ብለን ከዝርዝሩ ያወጣነው እኛ ነን። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ጠየቅኩት። አሸንዳውም ንጣፉም ቦዩም ሲደመር 85,000 ብር ብሎኛል። የመጀመሪያው ሐሳብ ከተመረጠ የሚተርፈው 55,000 ነው። ሁለተኛው ከተመረጠ 40,000። ስለዚህ "ሁለቱም ይሸፈናል" ያልኩት ስህተት ነበር፤ ይታረምልኝ።

---

ድልድይ_ሠሪ

ማፈር አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚዘለው። ቦዩ ግን ገንዘብ አይጠብቅም። ሰኔ ነው። የቀበሌውን ሰው አስተባብሩና በዚህ ሳምንት በአካፋ ይቆፈር። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ወደ ታችኛው ሜዳ እየወረደ። ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሰው ቆሞ ይመልከት፤ ውሃው ከቆመ አልሠራም ማለት ነው። አሸንዳው ግን በባለሙያ ይሠራ።

ስለ ልስኑም ሐሳቤን ልስጥ። እኔ ብሆን የውጩን ልስን ዘንድሮ አልነካውም። ቤቱ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለፍበት። ፈተናው ያ ነው። ከተንቀሳቀሰ የት እንደሆነ በብሎኬቱ ላይ ታያላችሁ። አሁን ብትለስኑት ስንጥቁን ትሸፍኑታላችሁ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ልስኑንም ታጣላችሁ። ለእጅ ባለሙያው የምትይዙት መያዣ አለ?

---

ገንዘብ_ያዥ

ከእጅ ዋጋው 5 በመቶ ይዘናል። 51,000 ብር ነው። ውሉ አንድ ዓመት ይላል።

---

ድልድይ_ሠሪ

እንዳትለቁት። ሽማግሌም ቢልክ!

---

ጋሽ_ታክሲ

እኔ አርሊንግተን ነኝ፤ 27 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። 500 ዶላር ሰጥቻለሁ።

ኢንጂነሩ የጻፉትን ሳነብ ስለ እናቴ ቤት የተጻፈ መሰለኝ። ደብረ ዘይት ዳር ላይ ለናቴ ቤት ሠራሁ፤ ብር በስልክ፣ ፎቶ በስልክ። ሁሉም ያማረ ነበር። ስገባ የሳሎኑ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያ ተከፍቷል። እናቴ ስንጥቁ ውስጥ የልብስ ስፌት መርፌዋን ሰክታ አስቀምጣለች፣ "እንዳይጠፋ ብዬ" አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስለሰንኩት። ሦስት ጊዜ ተከፈተ።

እኔ ግን የማይገባኝ ነገር አለ። አባቶቻችን በዚያው መሬት ላይ በድንጋይ ነበር የሚሠሩት። ወፈር ያለ የድንጋይ መሠረት ቢደረግ ያን ሁሉ ሲኖትራክ ምን አመጣው? ድንጋይ ከባድ አይደለም እንዴ? እርስዎ ራስዎ ከባዱ ይጫነዋል ብለዋል። የጭቃ ቤቱስ? መቼ ተሰነጠቀ?

---

ድልድይ_ሠሪ

ጋሼ፣ የክብደቱ ነገር ልክ ብለዋል። ድንጋይ ይጫናል። ግን ድንጋይ አይታጠፍም። መሬቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲገፋው መሐሉ ላይ ይሰበራል፤ ክብደቱ ያንን አያስቀረውም። ብረት ያለው ግሬድ ቢም የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ኮለኖቹን አንድ ላይ አስሮ ይይዛቸዋል። የደብረ ዘይቱ ቤትዎ ላይም ልስኑ አይደለም የታመመው፣ ከታች ነው። አራተኛ ጊዜ እንዳያስለስኑት። ከግድግዳው አጠገብ ባህር ዛፍ ካለ ወይም የቧንቧ ውሃ የሚፈስ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

የጭቃ ቤት አይሰነጠቅም ያሉት ግን አይደለም። ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱ ስለሚመረግ ነው የማናየው። እናቶቻችን በመስከረም ምርጊቱን ሲያድሱ ስንጥቁንም አብረው ይዘጉታል።

---

ጋሽ_ታክሲ

እውነትዎን ነው። እናቴ እንዲያ ነበር የምታደርገው። ባህር ዛፍ አለ። አራት።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ እኔ ሁለት ክፍል ይለቅ ባይ ነኝ። በር የሌለው ክፍል የፍየል ቤት ነው የሚሆነው፣ አውቃለሁ። ግን ያለቀ ነገር ለሰው ማሳየት ይሻላል። ፎቶውን ይዤ ታክሲ ማቆሚያው ላይ ለጓደኞቼ አሳያለሁ።

---

ማክዳ_ሂሳብ

እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይቅር በሉኝ፣ ነገሩን ላደርቅ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ከወጣው 4.66 ሚሊዮን ስንቱ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ አለው?

---

ገንዘብ_ያዥ

ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ብሎኬቱ አለው። አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ የለውም፤ 585,000 ብር። የሚሸጡልን የአካባቢው ወጣቶችና ገበሬዎች ናቸው፤ ማሽን የላቸውም። በቫውቸር ነው የከፈልነው፤ ሻጩ፣ ጥበቃውና ከወላጅ ኮሚቴ አንድ ሰው ይፈርሙበታል። የመኪናው ታርጋም ይጻፋል። ጥቅምት ላይ ግን ታርጋ ያልተጻፈባቸው 9 ቫውቸሮች አሉ። እኔ አምናቸዋለሁ፤ ማረጋገጥ ግን አልችልም።

---

ማክዳ_ሂሳብ

መልሱ በቂ ነው። ዘጠኙን ለብቻ አድርገህ "ያልተረጋገጠ" ብለህ ጻፋቸው፤ ከሌላው ጋር አትደምራቸው። የመኪና ብዛት ከኢንጂነሩ ልኬት ጋር ይመሳከራል፤ የገባው ድንጋይ ከተገነባው ጋር በጣም ከራቀ ይታያል።

ብረቱስ? ደረሰኝ አለ ማለት ብረቱ ገባ ማለት አይደለም።

---

ድልድይ_ሠሪ

ይህን እኔ ልመልስ። ብረት በኪሎ ተገዝቶ በበርጋ ይራገፋል፤ ቀዳዳው እዚያ ነው። የ12 ቁጥር አንድ በርጋ 12 ሜትር ሲሆን 10 ኪሎ ተኩል ትንሽ ፈቀቅ ይላል። አሥር በርጋ ሚዛን ላይ አስቀምጡ። 107 ኪሎ አካባቢ ካልመጣ ወይ ቀጭን ነው ወይ አጭር ነው።

---

ገንዘብ_ያዥ

መዝነናል። በሁለተኛው ጭነት አሥሩ 98 መጣ። መለስነው። ነጋዴው ተቆጥቶ ነበር፤ ቀየረልን።

---

ከቤሩት_ናት

ሰላም ወንድሞቼ እህቶቼ። እኔ ቤሩት ነኝ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ 14 ሴቶች ሆነን አዋጥተን ነበር፤ 340 ዶላር። አንዳንዷ 20፣ አንዳንዷ 30። አንዲት እህት ሰብስባ ለእናንተ ሰው ሰጠች ተብሏል። ሰብሳቢዋ በመስከረም ጦርነቱ ሲጠና ወደ አገር ቤት ገባች፤ ስልኳ አይሠራም። በእናንተ የሰጪዎች ስም ዝርዝር ላይ ስማችን የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብር ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ያዋጡት ልጆች ጠይቀውኛል፣ ምን ልበላቸው?

---

የቱሉቦሎ_ልጅ

እህቴ፣ አይዞሽ። ትንሽ አይደለም።

---

ገንዘብ_ያዥ

እህቴ፣ ስሙን የማየው እኔ ነኝ፤ አሁኑኑ ፈለግኩ። ወደ ባንካችን የገባ 340 የለም። በየካቲት 2016 ላይ "ከዐረብ አገር እህቶች" የሚል 200 ዶላር በጥሬው ተቀብለን አስገብተናል። ያመጣው ሰው እዚህ የሚኖር ነው። የእናንተ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከሆነም 140 ይጎድላል። በውስጥ መስመር ስም ሰጥተሽኝ ካረጋገጥኩ በኋላ እዚህ እጽፋለሁ። እስከዚያ ግን በዚህ ሂሳብ ላይ "340፣ ያልተገናኘ" ብዬ ከማክዳ ዘጠኝ ቫውቸሮች ሥር አስገባዋለሁ።

---

ከቤሩት_ናት

እሺ። ስሙን ልኬልሃለሁ።

ስለ ክፍሎቹ ከጠየቃችሁ፣ እኔ የተማርኩት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ጉልበቴ ላይ ነበር የምጽፈው። አራት ክፍል ከፍታችሁ ልጆቹን ወለል ላይ ከምታስቀምጡ ሁለቱን ከነዴስኩ አድርጉ። ሁለቱ ክፍል ጠዋትና ከሰዓት በፈረቃ ይማሩበት። የእኔ ሐሳብ ነው።

---

ድልድይ_ሠሪ

ፈረቃ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ክፍል በፈረቃ 200 ልጅ ይይዛል፣ አራቱ የሚይዙትን ያህል። መምህር ይኑር እንጂ።

ግን የኔን ጭንቀት ልናገር። ሁለት ክፍል ብቻ ወለል ተሠርቶ ሁለቱ ባዶ ከቀረ፣ ባዶዎቹ በመስኮቱ ዝናብ ይገባባቸዋል። ሙሌቱ ከላይ ይረጥባል። አንዱ ግማሽ እርጥብ፣ አንዱ ግማሽ ደረቅ፣ በአንድ ቤት ሥር። ያንን አልወደውም። ሁለቱ ይለቅ ካላችሁ የቀሩትን መስኮቶች ቢያንስ በቆርቆሮ ዝጉ።

---

ጋሽ_ታክሲ

ቆርቆሮ ስንት ነው? እሱን እኔ እችላለሁ።

---

ማክዳ_ሂሳብ

የመጀመሪያውን ሐሳብ የውጩን ልስን አውጥተን እናስላው። ድልድይ ሠሪ ዘንድሮ አትንኩት ብለዋል። ከልስኑ ላይ የውጩ ስንት ነው? ከቀነሰ ለአሸንዳው የጎደለው 30,000 እዚያው ይገኝ ይሆናል።

---

ገንዘብ_ያዥ | ሰኔ 17 ቀን 2017

የውጩ ልስን ለብቻ አልተሰላም፤ ኢንጂነሩን ጠይቄዋለሁ፣ እስከ ዓርብ ይልካል። የብሩክ የአጎት ልጅ ጉዳይ የእኛ አይደለም፤ መምህር የሚመድበው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፣ እኛ አንቀጥርም። ፈረቃውንም እነሱ ናቸው የሚወስኑት፤ ርእሰ መምህሩ ይጠይቃቸዋል።

እስካሁን የጻፈ 31 ሰው ነው፣ በውስጥ መስመር የደረሰኝን ጨምሮ። 19 ለሁለቱ ክፍል፣ 8 ለአራቱ፣ 4 "እናንተ ወስኑ" ብለዋል። እኛ ባንወስን ይሻላል። እሑድ እዘጋዋለሁ።

ቦዩን ትናንት ጀምረውታል። ርእሰ መምህሩ ፎቶ ልኮልኛል፣ 20 የሚሆኑ ሰዎች በአካፋ። በግራ በኩል ውሃ ቆሟል፣ ጋሼ ኢንጂነር፤ አይቼ ልኬልዎታለሁ።

የቤሩቶቹን በተመለከተ፣ 200ውን ያመጣው ሰው ስልክ አንስቷል። ከሁለት ቦታ የተሰበሰበ ነው ብሎኛል፤ የቤሩት ይሁን የሪያድ አያስታውስም። ደብተር አለኝ አለ። ነገ ከሥራ ሲወጣ ቤቱ ሄጄ ደብተሩን አያለሁ።